ኪኒኑን ውጠናል፤ ትሉ ለምን ተመለሰ?



ሲርበን «ወስፋቴ ጮኸ» እንላለን። ምግብ ሲያስጠላን ደግሞ «ወስፋቴ ተዘጋ»። ትሉ ከቋንቋችን ጋር እንደዚህ ስለተዋሐደ፣ ወስፋት እንደ ጉበትና ኩላሊት ሰው ሁሉ ይዞት የሚወለደው የአካል ክፍል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። «ያለ ወስፋት ሰው አለ እንዴ?» ያሉኝ አንድ አባት አሉ። ይህንን የሰማሁት ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት የሙዝ ቀበሌዎች በአንዱ፣ ማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ለጤና ትምህርት በተሰበሰብንበት ቀን ነው።

አርባ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወደ ጋሞኛ ትመልስልኛለች። (እውነቱን ለመናገር እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ስናገር እሷ አምስት ትናገር ነበር፤ ሰዉም የሚስቀው በእሷ ነው።) ገና እጅ መታጠብ ብዬ ስጀምር አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናቸው፤ አጠገባቸው የሰባት ዓመት ልጃቸው ተቀምጣለች።

«ዶክተር፣ ልጄ በትምህርት ቤት ኪኒኑን በየጊዜው ትውጣለች። ሁለት ሦስት ወር ደህና ትሆናለች፤ ከዚያ ሆዷ ይነፋል፣ ትልም ይወጣታል። ኪኒኑ ውሸት ነው ወይስ ልጄ ናት ችግሩ?»

ከዚህ ጥያቄ የተሻለ ጥያቄ ሊመጣ ስለማይችል ያዘጋጀሁትን ትቼ እሱን መመለስ ጀመርኩ። ለእናንተም እሱኑ ላካፍላችሁ።

ኪኒኑ ውሸት አይደለም። በትምህርት ቤት የሚታደለው አብዛኛውን ጊዜ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም ወይም ሜቤንዳዞል 500 ሚሊ ግራም ነው፤ አንድ ጊዜ ተውጦ ያልቃል። የሚሠራው ግን ዛሬ አንጀት ውስጥ ባለው ትል ላይ ብቻ ነው። ነገ ለሚገባው ትል መከላከያ አይሆንም፤ እንደ ክትባት አይደለም። ጓሮ ውስጥ ያለው እንቁላልም የኪኒኑን ወሬ አልሰማም። ልጅቷ ኪኒኑን በዋጠች ማግስት አንድ የወስፋት እንቁላል ብትውጥ፣ ያ እንቁላል አድጎ ራሱ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እናትየው «ሁለት ሦስት ወር ደህና ትሆናለች» ያሉት የትሉን ዕድሜ ሳያውቁት በትክክል ለክተው ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኪኒኑ የሚታደለው በዋናነት ለተማሪዎች ነው። ልጅቷ ስትውጥ ሙዝ ውስጥ የሚውለው አባቷ አልዋጠም፣ እናቷ አልዋጡም። ወስፋት በብዛት የሚገኘው ልጆች ላይ ነው። «የመንጠቆ ትል» የምንለው (የላብራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ ሁክዎርም ተብሎ የሚጻፈው) ግን አዋቂ ላይ ይበረታል። ስለዚህ አንዷ ስትጸዳ ሌላው ጓሮውን መልሶ ይሞላዋል።

ከትምህርቱ በኋላ እናትየው «ኑና ቤቴን እዩልኝ» አሉን። ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሄድን። ከዚህ በታች የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር ከዚያች ግቢ የተማርነው ነው።

ግቢው የተጠረገ ነው። ሽንት ቤትም አላቸው፤ በእንጨትና በአሮጌ ፕላስቲክ የተከለለ፣ ጉድጓዱ ላይ ግንድ የተረበረበበት፣ ወለሉ አፈር። በቀበሌው መዝገብ ላይ «መጸዳጃ ቤት ያለው ቤተሰብ» ተብለው ተመዝግበዋል፤ ትክክልም ነው። ግን ማን ይጠቀምበታል ብለን ስንጠይቅ ነገሩ ሌላ ሆነ። አባትየው ቀኑን ሙሉ ማሳ ላይ ስለሚውሉ እዚያው ሙዝ ሥር ይጸዳዳሉ። የሦስት ዓመቱ ልጅ ጉድጓዱን ስለሚፈራ ከቤቱ ጀርባ ይቀመጣል። «የሕፃን ነው፣ ምንም አይልም» ተብሎ በቅጠል ተጠርጎ ወደ ሙዙ ይጣላል። እንግዲህ ይህ የሕፃን ነገር ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወስፋት ከሁሉም በላይ የሚበዛው ልጆች ላይ ስለሆነ፣ ከግቢው ሰገራ ሁሉ በእንቁላል የተሞላው ብዙውን ጊዜ ያ የናቅነው የልጅ ሰገራ ነው።

አሁን ሙዝ ሥር እንውረድ። የመንጠቆ ትል እንቁላል የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ሙቀት፣ እርጥበትና ጥላ። በመስኖ የሚጠጣ የሙዝ ማሳ ሦስቱንም አሟልቶ ይጠብቀዋል። እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በዓይን የማይታይ፣ ቆዳ መብሳት የሚችል እጭ ይሆናል። ከተመቸው አፈሩ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ይህ ማለት ዛሬ ጠዋት የተጸዳዱበት ቦታ ዛሬ አደገኛ አይደለም። አደገኛው ያለፈው ሳምንት ቦታ ነው፤ ዝናብ አጥቦት፣ ጥንዚዛ ጎትቶት፣ ምንም የማይታይበት ንጹሕ የሚመስል መሬት። «የቆሸሸ ቦታ አልረግጥም» የሚል ሰው ራሱን ማዳን የማይችለው ለዚህ ነው።

እጩ ባዶ እግር ሲያገኝ በጣቶች መሐል ይገባል። የገባበት ቦታ ለጥቂት ቀናት ያሳክካል፣ ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣብም ይወጣል። ገበሬው «ሣር በላኝ» ብሎ ያልፈዋል። እጩ በደም ተጉዞ ሳንባ ይደርሳል፣ በጉሮሮ ወጥቶ ይዋጣል፣ ከዚያ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ልብ በሉ፣ በዚህ መንገድ ውስጥ እጅና አፍ የሉበትም። እጃችሁን በቀን አሥር ጊዜ በሳሙና ብትታጠቡ በእግር የሚገባውን ትል አያስቆመውም።

አባትየው ጫማ አላቸው ወይ ብለን ጠየቅን። አላቸው፤ ቦቲ። ግን የአርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ ቦቲ አድርጎ መዋል ምን ማለት እንደሆነ የቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጠን ባንፈርድ ይሻላል። መስኖ ሲያጠጡ ብቻ ያደርጉትና ያወልቁታል። ልጅቷ ኮንጎ ጫማ አላት፤ የትምህርት ቤት ስለሆነ ቤት ስትገባ ተወልቆ ይቀመጣል። ጫማው እንዳያልቅ ተብሎ ማለት ነው! እግሯ ባዶ የሚሆነው በትክክል ጓሮ በምትገባበት ሰዓት ነው።

ጫማ ይከላከላል ስንል ታዲያ የትኛው ጫማ? ደረቅ መንገድ ላይ ሸበጥም ከባዶ እግር ይሻላል። እርጥብ ማሳ ውስጥ ግን ጭቃው በጎን ገብቶ በእግርና በሸበጡ መሐል ይቀመጣል፤ እጩ የሚፈልገውም ይኸንኑ ነው። ለማሳ የሚሆነው የተሸፈነ ጫማ ነው፣ ላስቲክም ቢሆን። ለአባትየው የመከርነው ቀኑን ሙሉ ሳይሆን ሁለት ሰዓት ላይ ብቻ እንዲበረቱ ነው፦ መሬቱ በመስኖ ወይም በዝናብ ሲረጥብ፣ እና ለመጸዳዳት ወደ ሙዝ ሲገቡ። በእጅ አፈር የሚቆፍር ሰውም በጣቶቹ መሐል ሊገባበት እንደሚችል አይርሳ።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ግን የእናትየው ፊት ነበር። የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልበጥ አድርጌ ሳየው ነጭ ነው። ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ሦስት ጊዜ እንደሚያርፉ ነገሩኝ፤ «እርግዝናው ነው» ብለው ትተውታል። ጤና ጣቢያ ላክናቸው። ሄሞግሎቢናቸው 8.4 ሆነ፤ ለነፍሰ ጡር ከ11 በታች ደም ማነስ ነው። በሰገራ ምርመራ የመንጠቆ ትል እንቁላል ተገኘ።

እስቲ በሒሳብ እንየው። የመንጠቆ ትል ሁለት ዓይነት ነው፤ ትንሹ ጠጪ በቀን 0.03 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይወስዳል። ምንም አይደለም ትላላችሁ። ግን 100 ትል ካለ በቀን 3 ሚሊ ሊትር፣ በወር 90 ሚሊ ሊትር ነው፤ ከአንድ የቡና ሲኒ በላይ። በወር በወር አንድ ሲኒ ደም እየሰጡ፣ በዚያ ላይ ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ብረት እየወሰደባቸው፣ ሥጋ ደግሞ በበዓል ብቻ እየበሉ አስቡት። ትልቁ ጠጪ ደግሞ ከዚህ አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ወልደው ብዙ ደም ቢፈሳቸው ተቀማጭ የላቸውም ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት የእርግዝና ወራት ስላለፉ አልቤንዳዞል ተሰጣቸው፤ ከዚያ በፊት ቢሆን አይሰጥም ነበር። ዋናው ሕክምና ግን ትሉን መግደል ብቻ አይደለም፤ የፈሰሰውን ደም መተካት አለባቸው፤ ስለዚህ የአይረንና ፎሊክ አሲድ ኪኒን በየቀኑ ጀመሩ። ሻይና ቡና ከኪኒኑ ጋር እንዳይጠጡ ነገርናቸው፤ አይረኑ በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያደርገዋል። ከሁለት ወር በኋላ ሲለካ 10.6 ደርሷል።

የሰገራ ምርመራን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከተማም ስለሚያጋጥም። ጠዋት ወስዳችሁ ከሰዓት የታየ ሰገራ ላይ «ምንም የለም» ቢባል ብዙ አትተማመኑ። በመስታወት ላይ በወፍራሙ ተዘርግቶ በሚታየው ምርመራ፣ የመንጠቆ ትል እንቁላል ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ እየሟሟ ይጠፋል። ትኩስ ናሙና ስጡ።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። እሷ ላይ ያስቸገረው ወስፋት ነው፤ የእሱ መንገድ ደግሞ በአፍ ነው። አንድ ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ትኩስ ሆኖ ቢዋጥ አያጠቃም፤ አፈር ላይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ መብሰል አለበት። ከዚያ በኋላ ግን በጣም ጠንካራ ነው፣ ለዓመታትም ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወስፋትን በተመለከተ እጅ መታጠብ «ከሽንት ቤት በኋላ» ብቻ ተብሎ ሲሰበክ ግማሹ ይጎድላል። እንቁላሉ ያለው አፈሩ ላይ ነው፤ አፈር ሲጫወቱ ቆይተው ምግብ ከመንካታቸው በፊት ያለችው ደቂቃ ናት ወሳኟ።

እዚህ ላይ ማንጎው ሥር ያሳየነውን ነገር ልንገራችሁ፤ ቤታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ልትሞክሩት ትችላላችሁ። የሁለት ልጆች እጅ ላይ ዘይት ቀባን፣ የቡና አተላ ነሰነስንበት። የወስፋት እንቁላል ላዩ የሚያጣብቅ ስለሆነ ነው ዘይቱ ያስፈለገው። አንዱን ልጅ እንግዳ እንደምናስታጥብ በማንቆርቆሪያ ውሃ አፈሰስንለት። ሁለተኛዋ በሳሙና እያሸች ታጠበች። የመጀመሪያው እጅ ላይ አተላው ጥፍርና የጣት መሐል ውስጥ ቁጭ ብሎ ቀረ። ያኔ ነው ሰዉ ዝም ያለው።

ምክንያቱም ባህላችንን ታውቁታላችሁ። ከምግብ በፊት ውሃ ይፈስልናል፣ ቀኝ እጃችንን ጣት ጣቱን ነካ ነካ አድርገን «ይበቃል» እንላለን። ሳሙና የምንጠይቀው ከበላን በኋላ ነው፣ የወጡ ዘይት አልለቅ ሲል! ለወጡ የተሰጠው ክብር ለእንቁላሉ ቢሰጥ ነገሩ ሁሉ ይገለበጥ ነበር። ሳሙና እንቁላሉን እንደማይገድለው ግን እወቁ። የሚሠራው በማንሸራተትና በማሸት ነው፤ ስለዚህ ማሸቱ ከሌለ ሳሙናው ብቻውን ዋጋ የለውም። ሳሙና በሌለበት አመድም እያሹ ከታጠቡበት ይጠቅማል። የከተማ ወዳጆቼ ደግሞ ቦርሳችሁ ውስጥ ያለው ሳኒታይዘር የወስፋትን እንቁላል አይገድልም። አልኮል ለብዙ ጀርሞች ጥሩ ነው፤ ይህ እንቁላል ግን ሽፋኑ ወፍራም ነው። ልጃችሁ ሜዳ ላይ አፈር ሲጫወት ውሎ ሳኒታይዘር ቀብታችሁ ዳቦ ብትሰጡት እንቁላሉን ከነሕይወቱ አብራችሁ ሰጥታችሁታል።

ጥፍርስ? በትግራይ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ልጆቹ መጀመሪያ ከጥገኛ ተውሳክ ታከሙ፤ ከዚያ ለስድስት ወር ለአንዳንዶቹ ሳሙና እየተሰጠ እጃቸውን እንዲታጠቡ፣ ለአንዳንዶቹ በየሳምንቱ ጥፍራቸው እንዲቆረጥ ተደረገ። በስድስት ወር ውስጥ እንደገና የተያዙት፣ እጅ ከሚታጠቡት 14 በመቶ፣ ይህ ካልተደረገላቸው 29 በመቶ ሆኑ። ጥፍር መቁረጥ ብቻውንም ልዩነት አመጣ፤ 17 በመቶ በ26 በመቶ። አስተውሉ፣ ወደ ዜሮ አልወረደም፤ በእጅ መታጠብ ወደ ግማሽ፣ በጥፍር መቁረጥ ደግሞ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው የወረደው። ጥፍር መቁረጫ ደግሞ ውሃ አይፈልግም።

ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ወደ ላይ፣ ጨንቻ ብትወጡ ታሪኩ ይቀየራል። በጨንቻ ከተማ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአሥር ልጆች ስምንቱ ያህል የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ እንዳለባቸው አሳይቶ ነበር፤ በቁጥር የሚመራው ወስፋት ነው። ብርድ ለመንጠቆ ትል እጭ አይመቸውም፣ የወስፋት እንቁላል ግን ብርዱን ይቋቋመዋል። ስለዚህ ታች ሙዝ ውስጥ ቀድሜ ስለ ጫማ የማወራውን ያህል፣ ደጋ እንሰት ጓሮ ላይ ቀድሜ የማወራው ስለ እጅ፣ ስለ ጥፍርና ከቤት ጀርባ ስለሚጸዳዱ ልጆች ነው። (ደጋ ላይ ጫማ የሚያስፈልግበት ሌላ ትልቅ ምክንያት አለ፤ ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘው የእግር እብጠት። እሱ ትል አይደለም፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ሽንት ቤቱስ ምን ሆነ? አዲስ ጉድጓድ አላስቆፈርንም። የነበረው ችግር ወለሉ ነበር፦ እርጥብ አፈር፣ ጥላ ያለበት፣ ሰው በባዶ እግሩ የሚገባበት። እንዲህ ያለ ሽንት ቤት ከሙዙ ሥር በምን ይለያል? እንዲያውም ሁሉም ሰው አንድ ቦታ ስለሚረግጥ ሊብስ ይችላል። ወለሉ በውሃ ሊታጠብ የሚችል ልሙጥ ነገር መሆን አለበት፤ አባትየው ከጎረቤት ጋር ሆነው ሲሚንቶ አበጁለት፣ ለቀዳዳውም እጀታ ያለው ክዳን። በሩ ላይ አንድ ትልቅ ሸበጥ ተቀመጠ፤ ማንም ይግባ ማን አድርጎት ይገባል። ለሦስት ዓመቱ ልጅ ፖፖ ተገኘለት፣ የፖፖው ነገር ጉድጓድ ይገባል። ደጃፉ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ፣ በእግር ተረግጦ የሚያዘነብል ጀሪካን ተሰቀለ። ሳሙናዋን ዶሮ እየወሰደቻት ስላስቸገረች በካልሲ ውስጥ አሰሩት፤ ይህ የልጅቷ ሐሳብ ነው። ጉድጓዱ ሲሞላም ዝቃጩን አውጥተው ሙዝ ላይ እንዳይበትኑት፣ በአፈር ሸፍነው ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲተዉት ተስማማን።

ሙዝ ማሳው ላይ ያለው መጸዳዳት ግን ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ቤቱ ከማሳው ሃያ ደቂቃ ይርቃል፤ «ዶክተር፣ ሆዴ ሃያ ደቂቃ አይጠብቀኝም» አሉኝ አባትየው፤ ልክ ናቸው። የአምስት ማሳ ባለቤቶች አንድ ጉድጓድ በጋራ ለመቆፈር ተነጋግረዋል። እስከዚያው ዶማ ይዞ ቆፍሮ መቅበርና ቦቲ ማድረግ ነው ያለው አማራጭ። አሸዋማ መሬት ላይ ጉድጓድ ስለሚናድ አፉን በአሮጌ በርሜል ወይም በድንጋይ መደገፍ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከተማ ሆናችሁ የምታነቡ፣ የሚከተለው ለእናንተ ነው። ሰላጣና ቆስጣ ከየት ውሃ እንደጠጣ አታውቁም፤ ቅጠል ቅጠሉን ለያይታችሁ በሚፈስ ውሃ እያሻችሁ እጠቡ። ለማንኛውም ቆርጦ ለሚበላ ጥሬ አትክልት ይሄው ነው፤ ሎሚ ወይም አቸቶ እንቁላሉን አይገድለውም። ኮሶ የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ስለሆነ ጫማም ሳሙናም አይመልሰውም፤ ሥጋውን ማብሰል ነው። ጫሞና አባያ ዳር ወርዳችሁ ውሃ ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ ቢልሃርዚያ የሚባል ሌላ ጉዳይ አለ፤ አልቤንዳዞል አይነካውም፣ መድኃኒቱ ፕራዚኳንተል ነው።

ከፋርማሲ ገዝታችሁ ለቤተሰብ ስትሰጡ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ግማሹን፣ ማለትም 200 ሚሊ ግራም ነው የሚወስደው፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ያለ ሐኪም አይሰጥም። ለትንንሽ ልጆች ኪኒኑን አድቅቃችሁ በትንሽ ውሃ ስጡ፣ ልጁ እያለቀሰ አፉን ይዛችሁ አታውጡት፤ ያንቀዋል። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ልጃችሁ ሆዱ ተነፍቶ፣ እየቆረጠው፣ እያስታወከ (አንዳንዴ ትሉን ጭምር)፣ ሰገራም ጋዝም አልወጣ ካለው ደግሞ ቤት ውስጥ የትል ኪኒን አትስጡት። ተጠላልፎ አንጀት የዘጋ ወስፋት ሊሆን ስለሚችል ምግብና መጠጥ ሳትሰጡት በዚያው ሰዓት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዱት።